ሆድን ለማራቶን ማለማመድ፦ በሰዓት 60 ግራም ስኳር ያለ ሆድ ሕመም

እዚህ የተጻፈው ማራቶንን ከሦስት እስከ አራት ሰዓት ተኩል ባለው ጊዜ ለመጨረስ ለሚዘጋጅ ሯጭ ነው። ለታላቁ ሩጫ 10 ኪሎ ሜትር የሚዘጋጅ ሰው አብዛኛውን አይፈልገውም፤ አንድ ሰዓት አካባቢ ለሚፈጅ ሩጫ ሰውነት ውስጥ ያለው ስንቅ ይበቃል። ነገሩ የሚለወጠው ሩጫው ሁለት ሰዓት ካለፈ ነው።

60 ኪሎ የሚመዝን ሰው አንድ ኪሎ ሜትር ሲሮጥ በግምት 60 ካሎሪ ያቃጥላል። ማራቶኑ በሙሉ 2,500 ካሎሪ ገደማ ይፈጃል ማለት ነው። ካርቦሃይድሬት ግላይኮጅን ሆኖ በጡንቻና በጉበት ውስጥ ይቀመጣል፤ በደንብ የበላ ሰው ሁሉም ተደምሮ 400 ወይም 500 ግራም ቢኖረው ነው። አንዱ ግራም አራት ካሎሪ ስለሚሰጥ፣ ተሟጦ ቢቃጠል እንኳ ከ2,000 ካሎሪ አይበልጥም። በዚያ ላይ የክንድ ጡንቻ ያስቀመጠውን ለእግር ጡንቻ አያበድርም፤ እያንዳንዱ ጡንቻ የያዘው ለራሱ ብቻ ነው። ስብ በብዛት ቢኖርም በማራቶን ፍጥነት የሚፈለገውን ያህል ቶሎ አይቃጠልም። ከ30ኛው ኪሎ ሜትር በኋላ እግር የሚከብደው፣ ሐሳብ የሚበታተነው፣ ፍጥነትም በአንድ ጊዜ የሚወርደው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ በመንገድ ላይ መጨመር ያስፈልጋል። ስንት እና እንዴት የሚለው ነው አስቸጋሪው፣ ምክንያቱም ጡንቻ የሚፈልገውን ሁሉ ሆድ አያስገባም።

ለምን 60 ግራም?

ግሉኮስ ከትንሹ አንጀት ወደ ደም የሚገባው በራሱ በር ነው። ይህ በር በሰዓት 60 ግራም አካባቢ ላይ ይሞላል፤ ከዚያ በላይ የጠጣነው ግሉኮስ አንጀት ውስጥ ይቀራል። ፍሩክቶስ ግን የሚገባበት ሌላ በር አለው። አስከር ዩከንድሩፕና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ በእንግሊዝ በበርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ ባደረጓቸው ሙከራዎች፣ ሁለቱ ስኳሮች አብረው ሲጠጡ ጡንቻ የሚያቃጥለው ግሉኮስ ብቻውን ከሚሰጠው በግልጽ እንደሚበልጥ አሳይተዋል። ለረጅም ውድድር በሰዓት እስከ 90 ግራም የሚለው ምክር የመጣው ከዚህ ነው።

እዚህ ላይ ከሱቅ የምንገዛው ተራ ስኳር ትልቅ ጥቅም አለው። እያንዳንዱ የስኳር ቅንጣት ግማሹ ግሉኮስ፣ ግማሹ ፍሩክቶስ ነው፤ አንጀት ግድግዳ ላይ ሲደርስ ሁለቱ ይላቀቁና እያንዳንዱ በየበሩ ይገባል። 60 ግራም ስኳር 30 ግራም ግሉኮስና 30 ግራም ፍሩክቶስ ነውና አንዱም በር አይጨናነቅም። ከፋርማሲ የሚገዛው የግሉኮስ ዱቄት ግን ስሙ "ጉልበት ሰጪ" ቢሆንም በአንዱ በር ብቻ ነው የሚያልፈው። ለረጅም ሩጫ ከሁለቱ አንዱን ምረጡ ብባል ያለማመንታት ስኳሩን እመርጣለሁ። ማርም ይሆናል፤ ነገር ግን ፍሩክቶሱ ከግሉኮሱ በለጥ ስለሚል አንዳንድ ሰው ላይ ነፋት ያመጣል፣ አምስተኛው ያህሉም ውሃ ስለሆነ 100 ግራም ማር የሚሰጠው 80 ግራም ካርቦሃይድሬት ብቻ ነው። በሶ ጥሩ ምግብ ነው፤ ቦታው ግን ከሩጫ በኋላ ነው። የገብስ ዱቄት ያለው አሠር ጨጓራ ውስጥ ስለሚቆይ በሩጫ መካከል ይከብዳል።

የግራሙ መጠን በክብደት እንደማይከፋፈልም ልብ በሉ። ወሰኑ ያለው አንጀት ላይ እንጂ ጡንቻ ላይ አይደለም፤ ስለዚህ 50 ኪሎ ለሚመዝን ሯጭም 80 ኪሎ ለሚመዝን ሯጭም ግቡ ተቀራራቢ ነው። በሰዓት 90 ግራም፣ አልፎም 120 ግራም የሚወስዱ ታላላቅ ሯጮችና ብስክሌተኞች አሉ፤ ሆዳቸውን ለረጅም ጊዜ አለማምደው ነው እዚያ የደረሱት። ለሦስት ሰዓት ተኩል ማራቶን ግን 60 ግራምን ሳይቋረጥ እስከ መጨረሻው ማድረስ፣ በ90 ጀምሮ በ25ኛው ኪሎ ሜትር ከማስመለስ ብዙ ይሻላል።

ሁለቱ ጠርሙሶች

የታሸገ ጄል ምቹ ነው፤ ዋጋውና አለመገኘቱ ግን በየሳምንቱ ልምምድ ላይ እንዳንጠቀምበት ያደርገናል። ልምምድ ላይ ያልተጠቀሙበት ነገር ደግሞ ውድድር ላይ አያገለግልም። ለውድድሩ ሁለት ጠርሙስ ያስፈልጋል፤ ለአንዱ ጠርሙስ ቤት ውስጥ የሚዘጋጀው ይህ ነው፦ 100 ግራም ስኳር፣ 70 ሚሊ ሊትር ሙቅ ውሃ፣ አንድ ግራም ጨው፣ ጥቂት ጠብታ የሎሚ ጭማቂ። ጨው በልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስድስት ግራም ገደማ ስለሆነ የማንኪያውን አንድ ስድስተኛ ብቻ ነው የምትጨምሩት። ስኳሩ ሙሉ በሙሉ እስኪሟሟ አማስሉትና አቀዝቅዙት። 130 ሚሊ ሊትር ያህል ወፍራም ሽሮፕ ይወጣዋል። እጅ ውስጥ ወይም የወገብ ቀበቶ ውስጥ የሚገባ ትንሽ ጠርሙስ ይበቃዋል። ጠርሙሱን በማርከር አራት እኩል ቦታ ላይ ምልክት አድርጉበት፤ አንዱ ክፍል 25 ግራም ስኳር ነው።

የወጥ ቤት ሚዛን ቢኖር ጥሩ ነው። ከሌለ ልሙጥ የሾርባ ማንኪያ 12 ግራም ገደማ ስኳር ይይዛልና ስምንት ማንኪያ ወደ መጠኑ ያደርሳል። የተከመረ ማንኪያ ግን ሃያ ግራም ሊሞላ ስለሚችል ሳትለኩ ስኳሩን ከመጠኑ በላይ እንዳታሳድጉት ተጠንቀቁ። ሽሮፑን ከዋዜማው በፊት አታዘጋጁ፤ አድሮ የሚጠቀሙበት ከሆነ ማቀዝቀዣ ውስጥ ይቀመጥ።

ይህን ሽሮፕ ያለ ውሃ መዋጥ የተለመደ ስሕተት ነው። እጅግ የተከማቸ ስኳር አንጀት ሲደርስ ለማቅጠን ከሰውነት ውሃ ይስባል፤ ውሃ ጥማቱ ሳይጠፋ ሆድ ይነፋል፣ ከዚያም ቁርጠት ይመጣል። አንዱን ክፍል በ200 ሚሊ ሊትር ውሃ ብታወርዱት ግን ሆድ ውስጥ የሚኖረው ድብልቅ 10 በመቶ ገደማ ይሆናል፤ ይህ ሆድ የሚችለው ነው። እንዲያውም አየሩ ሞቅ ካለ እስከ 250 ሚሊ ሊትር ውሰዱና 9 በመቶ አድርጉት።

ሌላው ወጥመድ በውድድሩ ጣቢያ ላይ የሚሰጠው ጣፋጭ መጠጥ ነው። ሽሮፑን ከዚያ ጋር ያወረደ ሰው ሳያውቀው ስኳሩንም ክምችቱንም ያሳድጋል። ሽሮፕ ከያዛችሁ ከጣቢያው የምትወስዱት ንጹህ ውሃ ብቻ ይሁን። የውድድሩን መጠጥ መጠቀም ከመረጣችሁ ደግሞ የትኛው መጠጥ እንደሚቀርብ ቀድማችሁ ጠይቁና በልምምድ ሞክሩት።

አንድ ውድድር በኪሎ ሜትር

ማራቶኑን በ3 ሰዓት ከ30 ደቂቃ ለመጨረስ የሚያስብ ሰው በኪሎ ሜትር አምስት ደቂቃ ገደማ ይሮጣል። የውሃ ጣቢያዎቹ በየ5 ኪሎ ሜትሩ ከሆኑ ከአንዱ ወደ ሌላው 25 ደቂቃ ይፈጃል። በሰዓት 60 ግራም ማለት በ25 ደቂቃ 25 ግራም ነው፤ ማለትም በእያንዳንዱ ጣቢያ የጠርሙሱ አንድ ክፍል። ሒሳቡ እንዲህ ስለሚገጥም ይህን ፍጥነት ለምሳሌ መረጥኩት።

የመጀመሪያውን ክፍል ከመነሻው አምስት ደቂቃ በፊት በውሃ ውሰዱ። ከዚያ በ5፣ በ10፣ በ15፣ በ20፣ በ25፣ በ30 እና በ35ኛው ኪሎ ሜትር አንድ አንድ ክፍል። ስምንት ጊዜ 25 ግራም 200 ግራም ነው፤ ሁለቱ ጠርሙሶች እዚያ ላይ ያልቃሉ። በ40ኛው ኪሎ ሜትር የሚበላ ነገር ለእግር ሳይደርስ ውድድሩ ስለሚያልቅ አያስፈልግም። አፍን በጣፋጭ ነገር መጉመጥመጥ ግን ይረዳል፤ አፍ ውስጥ ያሉት ስኳር የሚለዩ ነርቮች አንጎልን ያነቃቃሉ፣ ሳይዋጥ እንኳ። በ35ኛው ኪሎ ሜትር ሆዳችሁ "አልቀበልም" ካለም እንዲሁ አድርጉ፤ ጎርሳችሁ፣ ለአምስት ወይም ለአሥር ሰከንድ አፍ ውስጥ አቆይታችሁ ትፉት።

ከመጀመሪያው ጣቢያ መጀመር ግዴታ ነው። በ5ኛው ኪሎ ሜትር የሚርበው ሰው የለም፤ ለዚህ ነው ብዙዎች የሚያልፉት። ጨጓራ ግን ገና ደም በደንብ እየደረሰው ያለው ያኔ ነው። ሩጫው በገፋ ቁጥር ደም ወደ ጡንቻና ወደ ቆዳ እየሄደ ከሆድ ይቀንሳል። በ28ኛው ኪሎ ሜትር ድካም ሲመጣ ያለፈውን ለማካካስ 75 ግራም በአንድ ጊዜ የሚወስድ ሰው፣ ሥራውን የቀነሰ ጨጓራ ላይ ነው የሚጭነው። ያመለጠ ጣቢያ አምልጧል፤ በሚቀጥለው አንድ ክፍል ብቻ ውሰዱ።

የወረቀት ኩባያ ከሆነ አፉን በሁለት ጣት ጨምቃችሁ እንደ ሹል አፍ አድርጉትና በዚያ ጠጡ። እየሮጡ ሲጠጡ ብዙው ስለሚደፋ ሁለት ኩባያ ውሰዱ። አሥር እርምጃ ያህል በእግር እየሄዱ በእርጋታ መጠጣት የሚያስከፍለው ጥቂት ሰከንድ ነው፤ አየር ከውሃ ጋር ከመዋጥም ያድናል። የተዋጠ አየር በኋላ ግሳትና የጎን ውጋት ሆኖ ይመጣል።

ፍጥነታችሁ ሌላ ከሆነ ጣቢያውን ሳይሆን ደቂቃውን ተከተሉ፦ በየ25 ደቂቃው አንድ ክፍል። አራት ሰዓት ተኩል የሚሮጥ ሰው ተጨማሪ ግማሽ ጠርሙስ መያዝ ይኖርበታል።

ሆድን የማለማመጃው ስምንት ሳምንት

በብዙ የልምምድ ቡድን ውስጥ ሰንዳፋም ሱሉልታም ላይ ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ ያለ ምንም ውሃ መሮጥ እንደ ጥንካሬ ይታያል። ማለዳው ቀዝቃዛ ስለሆነ ይቻላል። ችግሩ የውድድር ቀን ነው፤ በሩጫ ላይ መቀበልን ያልተማረ ሆድ በአንድ ቀን 200 ግራም ስኳርና ከአንድ ሊትር ተኩል በላይ ውሃ ይቀርብለታል። ሆድ ይማራል። እ.ኤ.አ. በ2017 በአውስትራሊያ የሞናሽ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያወጡት ጥናት፣ ሯጮች ለሁለት ሳምንት በሩጫ ላይ ካርቦሃይድሬት እየወሰዱ ሲለማመዱ የሆድ ሕመማቸው እንደቀነሰና ሳይመጠጥ የሚቀረው ስኳርም እንዳነሰ አሳይቷል። የሚለወጡት ሁለት ነገሮች ናቸው፦ ጨጓራ ፈሳሽ ይዞ መሮጥን ይለምዳል፣ አንጀት ደግሞ ስኳር የሚያስገቡትን በሮች ያበዛል።

ስምንት ሳምንት ሲቀር ጀምሩ። በሳምንት ሁለት ቀን ይበቃል፤ አንዱ ረጅሙ ሩጫ፣ ሌላው በማራቶን ፍጥነት ወይም ትንሽ ፈጠን ብሎ የሚሮጥበት የአንድ ሰዓት ከሩብ ልምምድ። ሁለተኛው ቀን መቅረት የለበትም፤ ቀስ ብሎ ሲሮጡ የሚረጋ ሆድ በውድድር ፍጥነት ሊረበሽ ይችላል።

በመጀመሪያው ሳምንት ስኳሩን ተዉትና በየ20 ደቂቃው 150 ሚሊ ሊትር ውሃ ብቻ ጠጡ። ሆድ ውስጥ የሚንቦጫረቅ ነገር ይዞ መሮጥ ብቻውን ልምምድ ነው። በሁለተኛው ሳምንት በሰዓት 30 ግራም ጀምሩ፤ በ25 ደቂቃ የክፍሉ ግማሽ ማለት ነው። በሦስተኛው 40፣ በአራተኛው 50፣ በአምስተኛው 60 አድርሱት። በስድስተኛው ሳምንት በረጅሙ ሩጫ ላይ 70 ግራም ሞክሩ፤ ከግቡ ትንሽ ከፍ ያለውን የቻለ ሆድ በውድድር ቀን 60ውን በቀላሉ ይቀበላል። ሰባተኛው ሳምንት ሙሉ ልምምድ ነው፤ የውድድሩ ቁርስ፣ የውድድሩ ጠርሙስ፣ የውድድሩ ልብስና ቀበቶ፣ የውድድሩ ፍጥነት ለ20 ኪሎ ሜትር። በመጨረሻው ሳምንት ሩጫው ቢቀንስም አንድ ቀን በ60 ግራም ሩጡ።

ከእያንዳንዱ ልምምድ በኋላ የሆዳችሁን ስሜት ከዜሮ እስከ አሥር ቁጥር ሰጥታችሁ ከግራሙና ከጠጣችሁት ውሃ ጋር ጻፉት። ዜሮ ምንም ያልተሰማ፣ አሥር ሩጫውን ያቋረጠ ሕመም ነው። በሳምንቱ ሁለቱም ቀናት ከአራት በታች ከሆነ አንድ ደረጃ ውጡ። ካልሆነ እዚያው ድገሙ፤ ሰባትና ከዚያ በላይ ከሆነ አንድ ደረጃ ውረዱ። 50 ላይ የሚቆም ሰው በ50 ይሩጥ። 50 ግራም ተመጥጦ ገብቶ ያግዛል፤ 60 ግራም ግን አንጀት ውስጥ ቢቀር ጥቅሙ ይቀራል፣ ጉዳቱ ይጨምራል።

ከልምምዱ በፊትና በኋላ ያለ ልብስ ተመዘኑ። የቀነሰው ኪሎና የጠጣችሁት ውሃ ሲደመሩ ላባችሁን ይነግሯችኋል፤ አንድ ኪሎ አንድ ሊትር ነው። በሁለት ሰዓት ውስጥ አንድ ኪሎ ቀንሶ 800 ሚሊ ሊትር የጠጣ ሰው በሰዓት 900 ሚሊ ሊትር አልቦታል። ያላባችሁትን ሁሉ መተካት አይጠበቅባችሁም። ክብደታችሁ ከጨመረ ግን ከመጠን በላይ ጠጥታችኋል።

ከሩጫው በኋላ አፋችሁን በውሃ ተጉመጥመጡ፤ በሳምንት ሁለት ቀን ለሰዓታት በስኳር የሚታጠብ ጥርስ ይጎዳል።

ሲረበሽ፦ የላይኛው ሆድ ወይስ የታችኛው?

ሕመሙ የት እንዳለ ብዙ ይናገራል። ከእምብርት በላይ ሞልቶ የሚንቦጫረቅ፣ ግሳት፣ ማቅለሽለሽ ከሆነ ጨጓራው ወደ አንጀት እያወረደ አይደለም። ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ከሦስቱ አንዱ ነው፦ ፍጥነቱ ከአቅም በላይ ሆኗል፣ ሙቀቱና የውሃ እጥረቱ ከሆድ ደም ቀንሰዋል፣ ወይም ሽሮፑ ያለ በቂ ውሃ ገብቷል። ስኳሩን አቁሙ። በኪሎ ሜትር ከ20 እስከ 30 ሰከንድ ቀንሱና ለአሥር ደቂቃ ያህል በትንሽ በትንሹ ውሃ ብቻ ጠጡ። መንቦጫረቁ ሲጠፋ ጨጓራው ሥራ እንደጀመረ ታውቃላችሁ፤ ያኔ በግማሽ ክፍል ቀጥሉ። ፍጥነቱን ሳይቀንሱ ስኳሩን ብቻ ማቆም ብዙ አይረዳም፤ የቀነሰውን ደም ወደ ሆድ የሚመልሰው ፍጥነቱ ሲቀንስ ነው።

ከእምብርት በታች ቁርጠት፣ ጋዝ፣ ድንገት ሽንት ቤት የመሄድ ስሜት ከሆነ ደግሞ ሳይመጠጥ የቀረ ነገር አንጀት ውስጥ እየቦካ ወይም ውሃ እየሳበ ነው። እዚህ ላይ ጥፋተኛው ስኳሩ ብቻ ላይሆን ይችላል፤ የትናንቱ እራት ወይም የዛሬው ወተት ሊሆን ይችላል። በልምምድ ላይ ይህ ከተደጋገመ መጀመሪያ እራቱን ለውጡ፣ ሁለተኛ ውሃውን ጨምሩ፣ ግራሙን የምትቀንሱት በመጨረሻ ነው። ሦስቱንም በአንድ ቀን ከለወጣችሁ የትኛው እንደረዳ አታውቁም።

አዲስ አበባ ላይ በቀዝቃዛ ማለዳ የተለማመደ ሆድ በሞቃት ከተማ ሲሮጥ እንደ ሌላ ሆድ ነው። በሙቀት ጨጓራ ይዘገያል፣ ላብ ይጨምራል። በዚያ ቀን ወደ 45 ግራም ውረዱና ውሃውን ጨምሩ፤ ፍጥነቱንም ከመነሻው ቀንሱ። ከተቻለ ጥቂት ልምምዶችን ረፈድ አድርጋችሁ፣ ፀሐዩ ሲሞቅ ሞክሯቸው።

ዋዜማውና ማለዳው

ሽሮ፣ ምስር፣ ክክ፣ ጎመን፣ ብዙ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ያለው ወጥ በሌላ ቀን የሚመሰገን ምግብ ነው። አሠሩና አንጀት ውስጥ የሚቦካው ስኳሩ ግን ለረጅም ሩጫ ማለዳ አይመችም። ከውድድሩ በፊት ባለው አንድ ቀን ወይም አንድ ቀን ተኩል ነጭ ሩዝ፣ ፓስታ፣ የተላጠ ድንች፣ ነጭ ዳቦ፣ ማር ይሁን። የጾም ወቅት ከሆነም ይህ ሁሉ የጾም ነው፤ ፓስታውን በቲማቲምና በትንሽ ዘይት መሥራት ብቻ ነው። እንጀራውን ጨርሶ መተው የማይሆንላችሁ ከሆነ በምሳ ትንሽ ብሉና እራቱን ሩዝ አድርጉት። ብዛቱ ደግሞ ከተለመደው ከፍ ይበል፤ 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው በዚያ ቀን 500 ግራም ካርቦሃይድሬት ገደማ ቢያገኝ ጡንቻው ሞልቶ ይነሳል።

ውድድሩ ከጠዋቱ 12 ሰዓት የሚጀምር ከሆነ ቁርሱ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። ሦስት ቁራጭ ነጭ ዳቦ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር፣ አንድ የበሰለ ሙዝ 85 ግራም ያህል ካርቦሃይድሬት ይሰጣሉ። ከጎኑ ውሃ ወይም ሻይ ጠጡ። ማኪያቶ ግን ይቅር፤ የወተት ስኳር የማይስማማው ሰው በእኛ ዘንድ ብዙ ነው፣ በሌላ ቀን በዝምታ የሚያልፈው ትንሽ ነፋት በሩጫ ላይ ወደ ተቅማጥ ይለወጣል። ጥቁር ቡና የለመደ ይጠጣ፤ ሆድ ስለሚያንቀሳቅስ ግን ከመነሻው በፊት ሽንት ቤት ለመሄድ ጊዜ ይኑራችሁ።

ከቁርሱ በኋላ እስከ መነሻው አምስት ደቂቃ ድረስ ጣፋጭ ነገር አትውሰዱ። ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ሲቀር የተወሰደ ስኳር በአንዳንድ ሰው ላይ ኢንሱሊኑን ያስነሳና ሩጫው ሲጀመር የደም ስኳሩን ያወርደዋል፤ ሰውየው በመጀመሪያዎቹ ኪሎ ሜትሮች ይንቀጠቀጣል፣ ይዝላል። አምስት ደቂቃ ሲቀር የተወሰደው ግን ኢንሱሊኑ ሳይነሳ ሩጫው ይጀምራልና ይህን አያመጣም።

ለጉልበት ሕመም ብሎ በውድድር ማለዳ አይቡፕሮፌን ወይም ዳይክሎፌናክ መዋጥ ይቅር። ደም የቀነሰበትን የአንጀት ግድግዳ ይበልጥ ይጎዳሉ፣ ኩላሊትንም ያስቸግራሉ።

ሦስት ነገሮች በልምምድ የሚስተካከሉ አይደሉም። ስኳር በሽታ ያለበት ሰው ከላይ ያለውን ሒሳብ ከሐኪሙ ጋር ሳይነጋገር አይጀምር። ከሩጫ በኋላ ሰገራ ላይ ደም ካያችሁ፣ አንድ ጊዜም ቢሆን፣ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። አንድ ሯጭ በሩጫው ወቅት ወይም ከጨረሰ በኋላ ብዙ ውሃ ጠጥቶ ሳለ ራስ ምታት፣ ማስመለስ፣ የጣት ማበጥና የሐሳብ መምታታት ከመጣ በደም ውስጥ ያለው ሶዲየም ወርዶ ሊሆን ይችላል። ይህን እንደ ውሃ ጥም ቆጥሮ ተጨማሪ ውሃ መስጠት ሕይወት ላይ አደጋ ያመጣል፤ ውሃውን አቁማችሁ ወዲያውኑ ወደ ሕክምና ድንኳኑ ወይም ወደ ሆስፒታል ውሰዱት፣ ምን ያህል እንደጠጣም ለሐኪሙ ንገሩ።